ሴፍቲኔት የጸደቀው መቼ ነው?

«በዞን ግብርና መምሪያ እሠራለሁ፤ ጎን ለጎን ማስተርሴን እየተማርኩ ነው። ፖሊሲ መጀመሪያ አጀንዳ ይሆናል፣ ከዚያ ይቀረጻል፣ ይጸድቃል፣ ይተገበራል፣ በመጨረሻ ይገመገማል ተብለን ተምረናል። አማካሪዬ በልማታዊ ሴፍቲኔት ላይ የምሠራውን ጥናት በእነዚህ አምስት ደረጃዎች ከፋፍዬ እንድጽፍ ነግሮኛል። ሥራ ላይ የማየው ግን ሁሉም ነገር የተደባለቀ ነው። ደረጃዎቹ እውነት ናቸው ወይስ የክፍል ውስጥ ትምህርት ብቻ?»

ከመመለሴ በፊት አንድ የቤት ሥራ ልስጥዎ። ሴፍቲኔት የጸደቀበትን ቀን ይፈልጉ።

በአምስቱ ደረጃዎች ከሄድን ይህ ቀላል መሆን ነበረበት። ፖሊሲው ይቀረጻል፣ ሥልጣን ያለው አካል ያጸድቀዋል፣ ከዚያ ሥራ ይጀመራል። እርስዎ ግን ቀኑን ሲፈልጉ ብዙ ቀን ያገኛሉ። የምግብ እጥረት ያለበት ገበሬ ሠርቶ ብር ወይም እህል ያግኝ የሚለው የፕሮግራሙ ሐሳብ በሰነድ የወጣው በኅዳር 1996 ነው። ሥራና ክፍያ የተጀመረው በጥር 1997 ነው። በመሃል ከለጋሾች ጋር የተፈረሙ ስምምነቶች አሉ። ሴፍቲኔት ዛሬ የሚያርፍበት ብሔራዊ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲ ደግሞ በሚኒስትሮች ምክር ቤት የጸደቀው በ2007 ነው። ፕሮግራሙ አሥር ዓመት ሊሞላው ሲል ማለት ነው። ልጁ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ የልደት ሰርተፊኬት እንደሚወጣለት ዓይነት ነገር ነው።

እርስዎ «ተደባልቋል» ያሉት ይህን ነው። ተሳስተው አላዩም። አማካሪዎም አልተሳሳተም፤ ምክንያቱን እየሄድን እናየዋለን። ለጥናትዎ የመረጡት ፕሮግራም የደረጃዎቹን ጥቅምም ጉድለትም ቁልጭ አድርጎ የሚያሳይ ስለሆነ ሌላ ምሳሌ አልፈልግም፤ በእሱው ልሂድ። ዓመተ ምሕረቱ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ በፈረንጅ ሲሆን እናገራለሁ።

የአከፋፈሉ ሥር ሃሮልድ ላስዌል የተባለ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጣው ዝርዝር ነው። የእሱ ዝርዝር ሰባት ነበር። ከሰባቱ አንዱ የፖሊሲ ማብቃት ነው፤ አንድ ፕሮግራም እንዴት እንደሚዘጋ የሚያየው ክፍል። በኋላ ዝርዝሩ ለማስተማር እንዲመች አጥሮ አምስት ሲሆን ማብቃት ብዙ ጊዜ ከመማሪያው ወጣ። ሴፍቲኔት ላይ ግን ትልቁ ጭቅጭቅ ያለው እዚያ ነው። ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ከአጀንዳው እንጀምር። በ1995 ከ13 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ አስፈልጎት ነበር። በኅዳር ወር ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ለቢቢሲ በሰጡት ቃለ ምልልስ አደጋው ከ1977ቱ ሊብስ እንደሚችል አስጠንቅቀዋል። እርዳታው መጣ፤ የ1977ቱ ዓይነት እልቂትም አልደረሰም። ጥናትዎ ውስጥ «ድርቁ ሴፍቲኔትን አጀንዳ አደረገው» ብለው ሊጽፉ ይችላሉ። አይጻፉ። ድርቅ ብቻውን አጀንዳ የሚያደርግ ቢሆን ኖሮ ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ ባደረገው!

ከዚያ በፊት የነበረውን አሠራር የሚያውቁት ይመስለኛል። በየዓመቱ የመኸር ምርት ይታያል፣ የተረጂ ቁጥር ይወጣል፣ ለዓለም ጥሪ ይቀርባል፣ እህሉ በመርከብ ይመጣል። ጥሩ በሚባል ዓመት እንኳን ሚሊዮኖች መዝገብ ላይ ነበሩ፤ በአማካይ 5 ሚሊዮን ገደማ ሰው። እህሉ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ገበሬው በሬውን ከሸጠ በኋላ ነው። ነፍስ ይተርፋል፣ ጥሪት ያልቃል። በሚቀጥለው ዓመት ያው ቤተሰብ ያው መዝገብ ላይ ይገኛል፤ አሁን ግን ያለ በሬ።

በ1995 የተለወጠው የችግሩ ስም ነው። እስከዚያ ድረስ ሁሉም «የድርቅ ተጎጂ» ይባል ነበር። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓይነት ሰው አለ ተባለ። አንደኛው ዘንድሮ ዝናብ የቀረበት ነው። ሁለተኛው ዝናቡ ቢመጣም ከመሬቱ የሚያገኘው ከዓመት ዓመት የማያደርሰው ነው። ለሁለተኛው በየዓመቱ ድንገተኛ ጥሪ ማቅረብ ትርጉም የለውም፤ ረሃቡ በየትኛው ወር እንደሚመጣ አስቀድሞ ይታወቃልና። የሚታወቅ ረሃብ የሚታወቅ በጀት ይፈልጋል። አጀንዳ የሆነው ይህ አባባል ነው። መንግሥትና ለጋሾች በ1995 መጨረሻ ላይ በጋራ ባቋቋሙት የምግብ ዋስትና ጥምረት ውስጥ የተነጋገሩት በዚህ ላይ ነበር፤ በኅዳር 1996 የወጣው ሰነድም ከዚያ የመጣ ነው።

የመጀመሪያው የደረጃዎቹ ችግር እዚህ ላይ ብቅ ይላል። በመማሪያው መሠረት አጀንዳ ይቀድማል፣ መፍትሔ ይከተላል። ሴፍቲኔት ላይ መፍትሔው ቀድሞ ነበር። የ1986ቱ የአደጋ መከላከል ፖሊሲ ጉልበት ያለው ተረጂ እርዳታውን ሠርቶ ማግኘት አለበት ይል ነበር። ምግብ ለሥራ ደግሞ ከዚያም ይቀድማል፤ በደርግ ዘመን በእህል ክፍያ የተሠሩ እርከኖችን ዛሬም በሰሜኑ ተራሮች ላይ ያያሉ። ጆን ኪንግደን የሚባል ሌላ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ያነሳው ሐሳብ እዚህ ላይ ይረዳል። ችግር፣ መፍትሔና ፖለቲካ እንደ ሦስት ወንዝ በየራሳቸው ይፈሳሉ ይላል። መፍትሔው ባለቤቶች አሉት፤ ችግር እስኪገኝለት እየጠበቀ ይኖራል። አንድ ቀን ሦስቱ ይገናኛሉ፤ ያቺ ቀን ካለፈች ግን ሌላ እስክትመጣ መጠበቅ ነው። 1995 እንዲህ ያለች ቀን ነበረች።

ወደ ቀረጻው ስንመጣ ሦስት ቁጥር ላይ ላተኩር። 6 ብር፣ 3 ኪሎ፣ 5 ቀን። ፕሮግራሙ ሲጀመር አንድ ሰው ለአንድ ቀን ሥራ 6 ብር ወይም 3 ኪሎ እህል ያገኝ ነበር። ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን ይታሰባል። ሥራው በዓመት ለስድስት ወር ነው። አምስት ሰው ያለበት ቤት በወር 25 የሥራ ቀን ይኖረዋል፤ 150 ብር ወይም 75 ኪሎ እህል ማለት ነው። በስድስት ወር 900 ብር። አረጋውያንና መሥራት የማይችሉ ሰዎች ያለ ሥራ ቀጥተኛ ድጋፍ ያገኛሉ።

እነዚህ ቁጥሮች ውስጥ አንድ ያልተነገረ ግምት ተቀብሯል። 6 ብር ከ3 ኪሎ ጋር እኩል የሚሆነው አንድ ኪሎ እህል 2 ብር እስከሆነ ድረስ ብቻ ነው። ቀረጻ ደረጃ ላይ ይህ እንደ ተራ ሒሳብ ታይቶ ያለፈ ነገር ነው። ምን እንዳስከተለ ትግበራው ላይ ስንደርስ ያዩታል።

ሌላው ቁጥር የተጠቃሚው ብዛት ነው። 5 ሚሊዮን ገደማ የሚለው የመጣው ቤት ለቤት ተዞሮ አይደለም። በዋናነት ካለፉት ዓመታት የእርዳታ መዝገብ የመጣ ነው። ኮታው ከፌዴራል ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ ወረደ። ስለዚህ አሮጌው የእርዳታ ሥርዓት «ቀረ» ከተባለ በኋላም በቁጥሩ ውስጥ ቀጥሏል። ፖሊሲ ባዶ ወረቀት ላይ አይጻፍም። በፊት በነበረው ላይ ነው የሚደረበው።

ስለ ማጽደቅ ብዙ አልልም፤ መግቢያዬ ላይ ብያለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሴፍቲኔት ራሱን የቻለ «የሴፍቲኔት አዋጅ» ይዞ አልጀመረም። በፕሮግራም ሰነድ፣ በዓመታዊ በጀትና ከለጋሾች ጋር በተደረጉ ስምምነቶች ነው ወደ ሥራ የገባው። «ማን አጸደቀው?» ብለው ሲጠይቁ መልሱ አንድ መሥሪያ ቤት አይሆንም። ደረጃዎቹ የተጻፉት ሕግ አውጪው አንድ ቦታ ተቀምጦ እጅ ለሚያወጣበት አገር ነው። የልማት ፕሮግራም በድርድር በሚቆምበት አገር ይህ ደረጃ ተሰባብሮ በየቦታው ይገኛል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ጥናትዎ ዋጋ የሚኖረው እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም እርስዎ የሚሠሩት እዚህ ነው።

መመሪያው ማን ይግባ የሚለውን አስቀምጧል። ለተከታታይ ሦስት ዓመት በየዓመቱ ሦስት ወር ወይም ከዚያ በላይ የምግብ ክፍተት የነበረበት ቤተሰብ። ምልመላውን የሚሠራው የአካባቢው ኮሚቴ ነው። ስሙ በስብሰባ ይነበባል፣ ሕዝቡ አስተያየት ይሰጣል፣ ወደ ቀበሌና ወደ ወረዳ ይሄዳል። በወረቀት ላይ ጥሩ ነው። አሁን ኮሚቴው ፊት ይቀመጡ። እንበል መስፈርቱን የሚያሟላው 600 ሰው ነው፤ ከወረዳው የመጣው ኮታ 300 ነው። ምን ያደርጋሉ?

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በአንድ ቀበሌ እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር። ከዛፍ ሥር ነው። ጸሐፊው ባለ መስመር ደብተር ጭኑ ላይ ዘርግቷል። አንድ ሽማግሌ ተነሱና «የእሱ ቤት ገብቶ የእኔ ቤት የሚቀርበት ምን ምክንያት አለ? ሁላችንም ያው ነን» አሉ። ማንም የተቃወማቸው የለም። ጸሐፊው ወደ ሊቀመንበሩ ዞሮ አየ። ሊቀመንበሩ «እንካፈል» አለ። ደብተሩ ላይ ከእያንዳንዱ ቤት ግማሹ ስም ተሰረዘ። ስድስት ሰው ያለበት ቤት ሦስት ሰው ተመዘገበለት። አምስት ያለበት ሁለት ወይም ሦስት። ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ተበተነ።

ይህን ስርቆት ነው ማለት አይቻልም። ጎረቤት ለጎረቤት ያለው ፍትሕ ነው፤ በዕድር ያደገ ሰው ወዲያው ይገባዋል። ግን ሒሳቡን ይመልከቱ። ስድስት ሰው ያለው ቤት በወር 180 ብር ማግኘት ነበረበት። አሁን 90 ብር ነው የሚያገኘው። ፕሮግራሙ የታሰበው የምግብ ክፍተቱን ሞልቶ ገበሬው በሬውን እንዳይሸጥ ነው። ግማሽ ክፍተት የሞላለት ሰው በሬውን ይሸጣል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ለሁሉም ደርሶ ለማንም ያልሠራ ሊሆን ይችላል። ውሳኔው የተሰጠው አዲስ አበባ አይደለም። እዚያ ዛፍ ሥር ነው። ይህ ውሳኔ በአምስቱ ደረጃዎች ውስጥ «ትግበራ» ይባላል፤ ግን ማን ስንት ያግኝ የሚለውን የወሰነ ስለሆነ እውነተኛው ቀረጻም እሱ ነው። በኋላ መመሪያው ሲሻሻል የገባ ቤተሰብ ሙሉ በሙሉ ይመዝገብ የሚለው በጉልህ የሰፈረው ይህ ችግር ስለታየ ነው።

ሌላም ነበር። ፕሮግራሙ ሲመጣ «ተጠቃሚው በጥቂት ዓመት ውስጥ ይመረቃል» የሚል ቃል አብሮ መጥቷል። መመረቅ ማለት ጥሪት አፍርቶ ያለ ድጋፍ መኖር ነው። በአንዳንድ ቦታ ቶሎ የማስመረቅ ግፊት የተሰማው መልማይ ድሃ ድሃውን ትቶ ቶሎ ሊመረቅ የሚችለውን መረጠ። ደረጃ በደረጃ ካሰቡ ምረቃ የመጨረሻው ነገር ነው። በተግባር ግን የመጨረሻው ነገር የመጀመሪያውን ቀን ምልመላ ወስኗል።

ከምልመላ በኋላ ክፍያ ነው። የክፍያውን መንገድ ያውቁታል፤ ለአንባቢ ብዬ ልዘርዝር። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ሥራው ቦታ ላይ ስም ጠርቶ በመከታተያ ቅጽ ላይ ምልክት ያደርጋል። ወሩ ሲያልቅ ቅጹ ወደ ወረዳ ይሄዳል። እዚያ ከዋናው የተጠቃሚ መዝገብ ጋር ይመሳከራል፣ ፔይሮል ይሠራል፣ ወደ ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ያልፋል። ፋይናንስ ብሩን ያወጣል፣ ገንዘብ ያዡ በመኪና ወደ ቀበሌ ይሄዳል፣ ሰው አሻራውን እያደረገ ይወስዳል።

አንድ ወረዳ ላይ የአንድ ቀበሌ ሙሉ ፔይሮል ጠረጴዛ ላይ ሦስት ሳምንት ተቀምጦ አይቻለሁ። ምክንያቱ አንዲት ሴት ናት። መዝገቡ ላይ በአባቷ ስም ነው ያለችው፤ መከታተያው ላይ በባሏ ስም ተጽፋለች። ባለሙያው የማይመሳሰል ስም ካለፈ ኦዲት ሲመጣ ከደመወዙ እንደሚቆረጥበት ያውቃል። ቅጹን መለሰው። ቅጹ በእግር ወደ ቀበሌ ሄደ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ሥልጠና ላይ ነበር። እሱ እስኪመለስ ሁለት ሳምንት አለፈ። ማንም ክፉ ሰው የለበትም፤ ሁሉም ሥራውን ነው የሠራው። ክረምቱ ግን ገባ። የመጋቢት ክፍያ ሰኔ መጨረሻ ላይ ደረሰ። ለስድስት ወር የታቀደው ሥራ ከጥር እስከ ሰኔ የሆነው ብሩና እህሉ ከክረምቱ ረሃብ በፊት እንዲደርስ ነው። ዘግይቶ የደረሰ ክፍያ መጀመሪያ የሚሄደው ለአራጣ አበዳሪ ነው።

አሁን ያቺ የተቀበረች ግምት ትውጣ። በ2000 የእህል ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆነ። 6 ብር አሁን 3 ኪሎ አይገዛም፤ ከዚያ ግማሹን እንኳን መግዛት ከበደው። የቀን ክፍያው ወደ 8 ብር ከፍ አለ፤ ቆይቶም 10 ብር ሆነ። ገበያው ግን ከመመሪያው ይፈጥናል። ቀደም ብለው ጥሬ ገንዘብ የለመዱ ሰዎች እህል ይሰጠን ማለት ጀመሩ። ትክክል ነበሩ። የእነሱ ጥያቄ «ግብረ መልስ» ሆኖ ወደ ቀረጻ ተመለሰ ማለት እንችላለን፤ ግን ማንም የግምገማ ደረጃ እስኪመጣ አልጠበቀም። ቀረጻ፣ ትግበራና ግምገማ በአንድ ክረምት በአንድ ላይ ተካሄዱ።

ስለ ግምገማ ሳወራ ይህ ፕሮግራም ከብዙዎቹ የተሻለ ዕድል እንዳገኘ መናገር አለብኝ። ከ1998 ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ ሰፊ የቤተሰብ ጥናት ተካሂዶበታል። ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም፣ ኢፍፕሪ የምንለው፣ ከማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ጋር የሠራው ነው። የመጀመሪያውን ውጤት በጥንቃቄ ያንብቡት። በአማካይ ሲታይ ለውጡ ትንሽ ነበር። እዚህ ላይ ያቆመ ሰው «ሴፍቲኔት አልሠራም» ይላል። ጥናቱ ግን አልፎ ሄደ፤ ሊደርሳቸው ከሚገባው ቢያንስ ግማሹን ያገኙትን ለብቻ አየ። እነሱ ላይ የምግብ ዋስትናው ተሻሽሏል። ችግሩ ያለው ሐሳቡ ላይ ነው ወይስ ሐሳቡ ስላልደረሰ ነው የሚለውን መለየት ማለት ይህ ነው። ዛፍ ሥር የተሰረዙት ስሞችና ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ፔይሮል በዚያ አማካይ ቁጥር ውስጥ አሉ። በኋላ የወጣው ጥናት ደግሞ አምስት ዓመት የቆዩ ቤተሰቦች የረሃብ ጊዜያቸው አንድ ዓመት ብቻ ከቆዩት ጋር ሲነጻጸር ከአንድ ወር በላይ ማጠሩን አሳይቷል። ለማንም አራት ሳምንት ቀላል አይደለም፤ ነሐሴ ላይ ከሆነ ደግሞ በጣም ብዙ ነው።

ከላስዌል ዝርዝር የወደቀውን ማብቃትን እዚህ አነሳለሁ። የመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ የሴፍቲኔት ተጠቃሚውን በ2007 ከ7 ሚሊዮን ገደማ ወደ 1.3 ሚሊዮን ለማውረድ አስቦ ነበር። ዕቅዱ የምረቃ ኮታ ሆኖ ወደ ወረዳዎች ወረደ። ኮታ ሲወርድ ወረዳ ላይ ምን እንደሚሆን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። «ዘንድሮ ይህን ያህል ሰው አስመርቁ» ሲባል ጥሪቱ በመስፈርቱ መሠረት ሳይደርስ ስሙ ከመዝገብ የሚወጣ ቤተሰብ ይኖራል። ግን ሰው ከመዝገብ ወጣ ማለት ከረሃብ ወጣ ማለት አይደለም። 2007 ሲደርስ ፕሮግራሙ አልተጠናቀቀም። ተከታዩ ምዕራፍ እስከ 10 ሚሊዮን ሰው ሊደርስ ተብሎ ተዘጋጀ። የግምገማው ውጤት እያለ የምረቃው ኮታ ለምን ያን ያህል ተገፋ? መልሱ ግምገማ ውስጥ አይገኝም። «ተረጂ አገር አይደለንም» ማለት ለመንግሥት ፖለቲካዊ ክብደት ስለነበረው ነው። አንድ ጥናት ይህን ሳይጨምር ሴፍቲኔትን ገለጽኩ ማለት አይችልም።

አሁን የጠየቁኝን ልመልስ። ደረጃዎቹ የጊዜ ቅደም ተከተል አይደሉም፤ ቀኖቹን ደርድረው አይተናል። ምክንያትም አይናገሩም። አጀንዳ ከመሆን ወደ ቀረጻ ምን እንደገፋው፣ ለምን በ1995 እንጂ በ1992 እንዳልሆነ ከአምስቱ ስም አንዱም አይነግርዎትም። ትግበራን ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ነገር አድርገው ያሳያሉ፤ ስለዚህ ሽማግሌውና ጸሐፊው «የትግበራ ክፍተት» ተብለው ይቀራሉ። አንድ ፖሊሲ ብቻውን እንደሚሄድም ያስመስላሉ። ሴፍቲኔት በተጀመረበት ጊዜ 2.2 ሚሊዮን ሰው በሦስት ዓመት ለማስፈር የታቀደው የሠፈራ ፕሮግራምና የቤተሰብ ብድር ጥቅሉ ከዚያው የምግብ ዋስትና መርሐ ግብር የመጡ ናቸው። ብድር ያገኘው ቤትና ያላገኘው ቤት በሴፍቲኔት ያገኙት ውጤት አንድ አይደለም።

ታዲያ አማካሪዎ ለምን ልክ ነው አልኩ? ጥያቄ ለመደርደር ስለሚጠቅም ነው። ይህ ችግር መጀመሪያ በማን አፍ በምን ስም ተጠራ? አማራጮቹን ማን ጠረጴዛ ላይ አመጣ፣ የትኛውስ ቀረ? ሥልጣኑ ከየት መጣ? ገንዘቡና ወረቀቱ በማን እጅ አለፈ? ምን ተለካ፣ ማን ለካው? እነዚህ አምስት ጥያቄዎች ባይኖሩ ብዙ ጥናት የአንዱን ብቻ መልስ ይዞ ያልቃል። ብዙውን ጊዜ ደግሞ የግምገማውን። ማውጫዎን በአምስቱ ይክፈሉ፤ አማካሪዎ ደስ ይለዋል፣ አንባቢም አይጠፋበትም። ግን ምዕራፍ ሁለት ምዕራፍ ሦስትን አመጣው ብለው አይጻፉ። በእያንዳንዱ ምዕራፍ መጨረሻ ላይ በዚያው ወር ሌሎቹ ደረጃዎች ላይ ምን እየሆነ እንደነበር አንድ አንቀጽ ይጨምሩ። ስድስተኛ ምዕራፍም ይክፈቱ፤ ምረቃን እዚያ ያስቀምጡት።

መረጃ ስለማሰባሰብ አንድ የምመክረው አለ። ለትግበራ ምዕራፍዎ ሰፊ መጠይቅ ከመበተንዎ በፊት ሁለት ወይም ሦስት ቀበሌ ይምረጡ። ከወረዳው ፈቃድ አግኝተው የአንድ ዓመት መከታተያ ቅጽና የክፍያ መቀበያ ሰነድ ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ሦስት ቀን ብቻ ይጻፉ፦ ሥራው የተሠራበት ወር መጨረሻ፣ ቅጹ ወረዳ የገባበት ቀንና ብሩ የተከፈለበት ቀን። ከዚያ መዝገቡ ላይ ያለውን የቤተሰብ ብዛት በክፍያ ሰነዱ ላይ ካለው ጋር ያወዳድሩ። ቀኖቹ ክፍያው የት እንደሚቆም ያሳዩዎታል፤ ወረዳ ደርሶ ነው ወይስ ሳይደርስ። የቤተሰቡ ቁጥር ደግሞ ኮሚቴው ዛፍ ሥር ምን እንደወሰነ ይነግርዎታል። ከመጠይቁ በፊት ይህን ከያዙ ለገበሬው ምን መጠየቅ እንዳለብዎ ያውቃሉ። ሰነዱ ላይ ያለውን ስም ግን ወደ ጥናትዎ አያሻግሩ፤ ኮድ ይስጡት።